የአንድ ደቂቃ ዕረፍት

ስለ ሩጫ ክበባችን የዘንድሮ ሥራ እንድንጽፍ ስንጠየቅ አስቀድሞ ትዝ ያለን አንዲት እናት ወደ ቢሯችን የመጡበት ጠዋት ነው። ተቀመጡ ብንላቸውም ቆመው «መምህር፣ ልጄን ምን እያደረጋችኋት ነው? ሩጫ በሮጠች ቀን እህል አይወርድላትም» አሉን። ልጃቸው የ8ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ሩጫ ትወዳለች፤ ይሁን እንጂ በዚያ ሳምንት ከክበቡ ለመውጣት ወስና ነበር። ጥፋቱ የእሷ ሳይሆን የእኛ እንደ ነበር የተረዳነው በኋላ ነው።

እኛና የስፖርት መምህራችን ለልጆቹ የሰጠነው ሥራ ቴምፖ የሚባለው ነው። ከማሟሟቂያ በኋላ ለ20 ደቂቃ ያህል ሳያቋርጡ፣ በአንድ ዓይነት ፍጥነት፣ ጠንከር አድርጎ መሮጥ ማለት ነው። ችግሩ «ጠንከር» የሚለውን ቃል ሳንለካ መተዋችን ነበር። ልጆቹ ሁሉ ፈጣኑን ልጅ ተከትለው ወጡ። ልጅቷ የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር በ4 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ፣ ሁለተኛውን በ5 ደቂቃ፣ ሦስተኛውን በ5 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ሮጣ አራተኛው ላይ ጎንበስ ብላ ቆመች። እኛም «በርቺ» እያልን ጮኽንባት።

ቴምፖ የሚሠራበትን ምክንያት በበርሜል ምሳሌ እናስረዳ። ከሥሩ ቀዳዳ ያለው በርሜል ከቧንቧ ውኃ ይቀዳበታል እንበል። ቧንቧው በዝግታ ሲከፈት የሚገባው ውኃ በቀዳዳው ይወጣል፤ በርሜሉም አይሞላም። ጡንቻ ስኳርን ወደ ኃይል ሲለውጥ ላክቴት ይፈጠራል። በዝግታ ስንሮጥ ልባችንና ሌሎች ጡንቻዎች ያንኑ ላክቴት መልሰው እንደ ነዳጅ ይጠቀሙበታል፤ ስለዚህ አይከማችም። ፍጥነታችን ሲጨምር ግን የሚፈጠረው ከሚወገደው የሚበልጥበት ቦታ ላይ እንደርሳለን፤ በርሜሉ መሙላት ይጀምራል። ይህ ቦታ የላክቴት ወሰን ይባላል። የልምምዱ ዓላማ እዚያው ወሰን ላይ ቆይቶ ቀዳዳውን ማስፋት ነው። ልጃችን ግን ከመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ጀምሮ ወሰኑን አልፋ ስለ ነበር ቀሪው ጊዜ በሞላ በርሜል መሰቃየት ብቻ ሆነባት።

በደንብ በሠለጠነ ሯጭ ዘንድ ይህ ወሰን በውድድር ለአንድ ሰዓት ያህል ሊያዝ ከሚችለው ፍጥነት ጋር ይቀራረባል። በ2007 እ.ኤ.አ. ኃይሌ ገብረሥላሴ ኦስትራቫ ላይ በአንድ ሰዓት 21,285 ሜትር ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሯል። ይህ ለአንድ ኪሎ ሜትር 2 ደቂቃ ከ49 ሰከንድ ያህል ነው። በዓመቱ በዚያው ከተማ ድሬ ቱኔ 18,517 ሜትር በመሮጥ የሴቶቹን ክብረ ወሰን ያዘች፤ የእሷም በኪሎ ሜትር 3 ደቂቃ ከ14 ሰከንድ ይሆናል። ኃይሌ 5 ሺህ ሜትርን በጥሩ ዘመኑ ሲሮጥ ለኪሎ ሜትር የሚፈጅበት 2 ደቂቃ ከ32 ሰከንድ ያህል ነበር። የአንድ ሰዓቱ ፍጥነት ከዚህ የሚዘገየው በ17 ሰከንድ ያህል ነው።

ልጆቻችንን አንድ ሰዓት ሙሉ በውድድር ማስሮጥ አያስፈልገንም። 5 ኪሎ ሜትር የሮጡበትን ሰዓት ይዘን ለአንድ ኪሎ ሜትር የወሰደባቸውን ካገኘን በኋላ ከ15 እስከ 18 ሰከንድ እንጨምርበታለን። ልጅቷ 5 ኪሎ ሜትርን በ25 ደቂቃ ጨርሳ ነበር፤ ለአንድ ኪሎ ሜትር 5 ደቂቃ ማለት ነው። ስለዚህ ትክክለኛ ፍጥነቷ 5 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አካባቢ ነው። እኛ በመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ከዚህ በ31 ሰከንድ አፍጥነን ለቀቅናት።

ከዚያ በኋላ ሥራውን ቀየርነው። በ50 ሜትር ገመድ 500 ሜትር ለካን፤ መነሻውንና መድረሻውን በኖራ በተቀባ ድንጋይ ምልክት አደረግንባቸው። ደርሶ መልስ አንድ ኪሎ ሜትር ይሆናል። ቴምፖውን ትተን ክሩዝ ኢንተርቫል የሚባለውን ጀመርን፤ ይህን ስልት በሰፊው ያስተዋወቀው አሜሪካዊው አሠልጣኝ ጃክ ዳንኤልስ ነው። ፍጥነቱ ከቴምፖው ጋር አንድ ነው፤ ልዩነቱ ሩጫው በአጫጭር ዕረፍት መከፋፈሉ ነው። ልጅቷ አንድ ኪሎ ሜትር በ5 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ትሮጣለች፣ አንድ ደቂቃ ትራመዳለች፤ ይህን አራት ጊዜ ትደግማለች። በድምሩ 21 ደቂቃ ያህል ወሰኑ ላይ ቆየች ማለት ነው።

ዕረፍቱ አጭር የሆነበት ምክንያት አለው። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ትንፋሽ ይረጋጋል፤ በርሜሉ ግን ባዶ አይሆንም። ስለዚህ የሚቀጥለው ኪሎ ሜትር ሥራው ካቆመበት ይቀጥላል። አንዳንድ ልጆች «ካረፍንማ እንፍጠን» ብለው በኪሎ ሜትር 15 ሰከንድ ያህል ቀነሱ። ይህ ትልቁ ስሕተት ነው፤ ያኔ ሥራው ከወሰኑ አልፎ ሌላ ልምምድ ይሆናል፤ አራተኛውም ዙር ይበላሻል። እኛ የምናየው ምልክት ቀላል ነው። አራቱ ዙሮች በሁለትና ሦስት ሰከንድ ልዩነት ውስጥ ከሆኑ ፍጥነቱ ትክክል ነው። የመጨረሻው ዙር ከመጀመሪያው እጅግ ከዘገየ ግን አጀማመሩ ፈጥኖ ነበር።

ሁለተኛው ምልክት ንግግር ነው። ወሰኑ ላይ ያለ ልጅ ሦስት አራት ቃል ተናግሮ መተንፈስ ያስፈልገዋል። ወሬ መቀጠል ከቻለ ዘግይቷል፤ ከ«እሺ» ሌላ ማለት ካቃተው አልፏል። ሐምዳይት ቆላ ስለሆነች ይህ ምልክት ከእጅ ሰዓት ይበልጥብናል። በሙቀት ጊዜ ሰውነት ራሱን ለማብረድ ደም ወደ ቆዳ ስለሚልክ ልብ ለዚያው ፍጥነት የበለጠ ትመታለች። ፀሐይ ሳትወጣ የተለካው 5 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ረፈድ ሲል ከወሰኑ በላይ ነው። ስለዚህ በንጋት እንሠራለን፤ ሙቀቱ ከቀደመን ሰዓቱን ትተን በትንፋሽ እንመራለን። በክሩዝ ኢንተርቫል ደግሞ በአንድ ደቂቃው መካከል ውኃ መጎንጨትና የልጁን ፊት ማየት ይቻላል።

ይህ ሲባል ቴምፖ ዋጋ የለውም ማለታችን አይደለም። በውድድር ዕረፍት የለም፤ ሳያቋርጡ ምቾት በማይሰጥ ፍጥነት መቆየትን የሚያስተምረው እሱ ነው። ነገር ግን ፍጥነቱን በእግሩ ላወቀ ልጅ ነው የሚሆነው። ልጅቷ ለአምስት ሳምንት፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ ክሩዝ ኢንተርቫል ሠራች። በስድስተኛው ሳምንት የ20 ደቂቃ ቴምፖ ስንሰጣት ከእጅ ሰዓት ሳታይ ኪሎ ሜትሮቹን በ5 ደቂቃ ከ17፣ በ5 ደቂቃ ከ15 እና በ5 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አለፈቻቸው። ስትጨርስ ሌላ አንድ ኪሎ ሜትር የሚያስሮጥ ጉልበት ቀርቷት ነበር፤ ቴምፖ በዚህ ሁኔታ ማለቅ አለበት።

ከዚያ 5 ኪሎ ሜትር ስንለካት 24 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ሆነ። አዲሱ ፍጥነቷም 5 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ነው። በማግሥቱ ቢሯችን መጥታ «በ5 ደቂቃ ልሥራው?» አለችን። እስከሚቀጥለው ልኬት ድረስ እንደማይሆን ነግረናት ቁጥሩን በደብተሯ ላይ ጻፍንላት።