ሞካ በረካ የላትም

ጀበና እያየን ያደግን ሰዎች ሞካ ፊት ስንቆም አንድ የጋራ ችግር አለብን፤ እስክትፈላ እንጠብቃለን። አይፈረድብንም። ጀበና ስትፈላ ትናገራለች፣ አንገቷ ላይ አረፋ ትደቅናለች፣ ካልደረሱላት ትገነፍላለች። ከዚያ ወረድ አድርጎ ማስከን ነው። ሞካ ላይ ግን ይህ ትምህርት አይሰራም። ሞካ መንፈቅፈቅ ስትጀምር ቡናው ደረሰ ማለት አይደለም። አለፈበት ማለት ነው።

ሞካ የምላችሁ ያቺን ወገበ ቀጭን፣ ባለ ስምንት ጎን የአሉሚኒየም የጣሊያን ቡና ማፍያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 አልፎንሶ ቢያሌቲ የሚባል ጣሊያናዊ ነው ያወጣት፤ ስሟ ደግሞ ድሮ ቡና ይጫንባት ከነበረችው የየመን ወደብ ከሞካ የመጣ ነው። ሦስት ክፍል አላት። ከታች ውሃ ይገባል፣ መሃል ላይ ቱቦ ያለው የቡና ወንፊት ይቀመጣል፣ ከላይ የተፈላው ቡና ይጠራቀማል።

ነገሩ እንዲህ ነው የሚሄደው። ከታች ያለው ውሃ ሲሞቅ አብሮት የታፈነው አየርና እንፋሎት ይለጠጣል። መውጫ ስለሌለው ውሃውን ይጫነዋል፤ ውሃውም በቱቦው ሽቅብ ወጥቶ፣ ቡናውን አልፎ ላይ ይደርሳል። ይሄ የሚጀምረው ውሃው ገና ሳይፈላ ነው። ውሃው እየጎደለ ሲሄድ የቀረው ይበልጥ ይግላል። ከቱቦው አፍ በታች ሲወርድ ደግሞ በውሃ ፋንታ እንፋሎት በቡናው መሃል እየተስፈነጠረ ያልፋል። በዚያ ሰዓት ቡናው ጥሩ ጥሩውን ሰጥቶ ጨርሷል፤ እንፋሎቱ የሚያገኘው ምሬቱን ብቻ ነው። ስንቀምሰው "አረረ" የምንለው ቡና አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው በዚህች መጨረሻ ላይ ነው።

ኮንዶሚኒየም የምትኖር አንዲት ጓደኛዬ ግን ጥፋቱን ሁሉ በቡናው ላይ ነበር የምትጭነው። ሦስት ዓይነት ቡና ቀያይራለች። ሦስቱም አረሩባት። በቡና ዋጋ ቀልድ በሌለበት በዚህ ዘመን ሦስት ፓኬት ቀላል ነገር አይደለም። ሞካዋን ለሰው ልትሰጥ ስትል፣ "ቆይ፣ መጀመሪያ እንደለመድሽው አፍይልኝ" አልኳት።

አፈላችልኝ። ቀዝቃዛ ውሃ ሞላች፤ ቡናውን በማንኪያ ጀርባ ጠቅጠቅ አደረገች፤ ሞካዋን ጥዳ የኤሌክትሪክ ምድጃዋን ማዞሪያ እስከ መጨረሻው አዞረች። ከዚያ ስልኳን ይዛ ሶፋ ላይ። የተነሳችው ሞካዋ እንደ አሮጌ አውቶቡስ ስታጓራ ነው። ቡናው ጥቁር፣ መራራ፣ ሽታው የከሰል ነበር። ሞካዋ ስትቀዘቅዝ ከፍተን አየን፤ ታች ጠብታ ውሃ አልቀረም ማለት ይቻላል። በቃ፣ ማስረጃው ይኸው ነው። ውሃው እስኪያልቅ እሳት ላይ ቆይታለች።

አጥበን በዚያው ቡና፣ በዚያው ምድጃ ደገምነው። የሷ የሦስት ሲኒ የሚባለው መጠን ነው፤ 150 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃና 15 ግራም ያህል ቡና ይይዛል። ውሃውን ለብቻ አሞቅነውና ከጎን ካለችው የእንፋሎት መተንፈሻ ዝቅ ብሎ እስኪቆም ሞላን። መተንፈሻዋ ውሃ ውስጥ መስጠም የለባትም። ውሃው ሞቆ ሲገባ ሞካዋ እሳት ላይ የምትቆይበት ጊዜ ያጥራል፤ ደረቁ ቡና ብረቱ ውስጥ ተቀምጦ አይጠበስም። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የታችኛው ክፍል እጅ ያቃጥላል፤ ስታጠብቁ በፎጣ ያዙት።

ቡናውን ወንፊቱን ሙሉ አድርገን በጣት ደልደል አደረግነው፤ አልጠቀጠቅነውም። ከተጠቀጠቀ ውሃው ማለፍ ያቅተዋል፤ እስኪያልፍ ድረስ ደግሞ ከታች ሙቀቱ እየናረ ይሄዳል። ለጀበና እንደ ዱቄት የላመ ቡናም ይህንኑ ያደርጋል። ስታስፈጩ "ትንሽ ሻከር ይበል፣ እንደ ደቃቅ ጨው" በሉ። ግማሽ ወንፊት ማድረግም አያዋጣም፤ ውሃው ባዶውን ቦታ ፈልጎ ሾልኮ ያልፋል። ትንሽ መጠጣት የፈለገ ትንሽ ሞካ ይግዛ።

ምድጃው ከመካከለኛ ዝቅ ብሎ ቀድሞ ግሎ ነበር። ሞካዋን ጣድናት፤ ክዳኗን ግን ክፍት ተውነው፤ ማየት አለብና! ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ከመሃሉ ቡና ብቅ አለ። ጥቁር ቡኒ፣ ወፍራም፣ ዝም ብሎ እንደ ማር የሚፈስ። ጓደኛዬ ማጥፋት የምትፈልገው ሲጮህ ስለሆነ፣ "አሁኑኑ አጥፊው" ስላት "እንዴ! ገና ጀመረ እኮ!" አለችኝ። የኤሌክትሪክ ምድጃ ግን ጠፋ ስትሉት አይጠፋም፤ የጋለው ሽቦ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ቡናው ብቅ ሲል ብታጠፉት በቀረው ሙቀት ብቻ መፍሰሱን ይቀጥላል። ፍሰቱ ቀጥ ካለ መልሶ ትንሽ መለኮስ ነው። ቡታጋዝ ላይ የምታፈሉ ነበልባሉን ከሞካዋ ቂጥ እንዳይሰፋ አድርጉና እስከ መጨረሻው አሳንሱት። ማግኔት የሚባለው ዘመናዊ ምድጃ ላይ ግን አሉሚኒየሟ ሞካ ጭራሽ አትሞቅም።

ከዚያ ዓይናችን ቡናው ላይ። ቀለሙ ከቡኒ ወደ ቢጫ እየነጣ፣ አረፋ መትፋት ሲጀምር፣ ያኔውኑ አነሳናትና ቂጧን እርጥብ ጨርቅ ላይ አስቀመጥናት። ጭስስ አለችና ዝም። ይቺ ጨርቅ ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ካልተደረገች ግን ሞካዋ ከምድጃው ወርዳም በራሷ ግለት መግፋቷን አታቆምም። አማስለን ቀዳን። ጓደኛዬ አንድ ጊዜ ፉት አለች፤ ዝም አለች፤ ደገመች። "ይሄ ያው ቡናዬ ነው?" ያው ነው። ስንከፍታት ከታች ትንሽ ውሃ ቀርቷል። "ኧረ፣ አላለቀም እኮ!" አለች። ማለቅም የለበትም።

አንድ ነገር ግን ከጣዕም በላይ ነው። ምድጃ ላይ ብዙ ቆይታ ቡና ካልወጣ፣ ወይም ከጎኗ ሲስስ የሚል እንፋሎት ካመለጠ፣ እሳቱን አጥፉና አትንኳት። በደንብ ሳትቀዘቅዝ እንዳትፈቷት። ምናልባት ቡናው ልሟል፣ ወይ ጥርሱ በትክክል አልገጠመም፣ ወይ የውስጡ የጎማ ቀለበት አርጅቷል። መተንፈሻዋም በቆሻሻ እንዳልተደፈነች አልፎ አልፎ ማየት ነው።

ማኪያቶ ቤት ያለውን ማሽን የምትጠብቁ እንዳትቀየሙ፤ የሞካ ግፊት ከማሽኑ እጅግ ያነሰ ስለሆነ ያንን ወፍራም አረፋ አትሰጥም። የምትሰጠው ከጀበና ጠንከር፣ ከማሽን ለስለስ ያለ ቡና ነው። ያውም አንድ ዙር ብቻ። ጀበና አቦል ጠጥታችሁ፣ ውሃ ጨምራችሁ ቶና፣ ደግሞ በረካ ታደርሳችኋለች። ሞካ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ነው የምትገፋው፦ ጥቁሩ አቦሏ ነው፣ ቡኒው ቶናዋ ነው፣ እየጮኸች የምትተፋው ቢጫ ውሃ በረካዋ ነው። የጀበና በረካ ይመረቅበታል። የሞካውን በረካ ግን ታች ተዉት፤ ማስቀመጫ ጨርቁን አርጥባችሁ ቁሙ።