«መሬቴን ማን ጨመረልኝ?»

ዛሬ የምጽፈው ስለ ራሴ ጥፋት ነው። ጥፋቱ የአንዲት ቃል ትርጉም ነው፤ ዋጋውን የከፈሉት ግን እኔ ሳልሆን አሶሳ አቅራቢያ በአንድ የሰፈራ መንደር የሚኖሩ አባት ናቸው።

እንደምታውቁት ቋሚ መሥሪያ ቤት የለኝም። ዜና ሲጠፋ ትርጉም እሠራለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የውጭ ድርጅት (ስሙ ይቅር) አነስተኛ መሬት ላላቸው ገበሬዎች የበቆሎ ዘር ሊያድል አስቦ የቤት ለቤት መጠይቅ ያስሞላ ነበር። ገበሬው በአማርኛ የሚናገረውን እየሰማሁ ቅጹን በእንግሊዝኛ መሙላት የእኔ ሥራ ነበር። እኚህ አባት በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ መጥተው አሶሳ ዙሪያ ከሰፈሩት ሰዎች አንዱ ናቸው። «አባባ፣ ምን ያህል መሬት አለዎት?» አልኳቸው። «አራት ጥማድ» አሉኝ። «አራት ኤከር» ብዬ ጻፍኩ።

ለምን ኤከር እንዳልኩ ልንገራችሁ። በዕውቀቴ ተማምኜ ነው። ጥማድ ማለት አንድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ነው። የእንግሊዞቹ ኤከርም በጥንቱ ትርጉሙ በሬ ተጠምዶ በአንድ ቀን የሚታረስ መሬት ነበር። ሁለቱ ቃላት ወንድማማች ናቸው፣ ከዚህ የተሻለ ትርጉም ከየት ይመጣል ብዬ ራሴን አደነቅኩ።

ችግሩ ኤከር በኋላ በሕግ ተለክቶ መጠኑ መቆረጡ ነው። ዛሬ አንድ ኤከር 0.405 ሄክታር ገደማ ነው። የእኛ ጥማድ ደግሞ በግብርና ሠራተኞች ዘንድ ሩብ ሄክታር ተብሎ ይያዛል፤ አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ማለት ነው። ስለዚህ በታሪክ ወንድማማች የሆኑት ቃላት በስፋት አይገናኙም። የአባባ አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ነበር። የእኔን አራት ኤከር ቢሮ ውስጥ ኮምፒዩተር ላይ ያለ ሰው ወደ ሄክታር ሲመልሰው 1.62 ሆነ። ዘሩ የሚሰጠው ደግሞ ከአንድ ሄክታር ተኩል በታች ላላቸው ብቻ ነበር።

ስም ዝርዝሩ ሲለጠፍ አባባ የሉበትም። ሲጠይቁ «ሰፊ መሬት ስላለዎት ነው» ተባሉ። በሌላ ሥራ መንደሩን ስረግጥ አገኙኝና እየሳቁ፣ ግን ዓይኔን እያዩ፣ «አንተ ልጅ፣ ለመሆኑ መሬቴን ማን ጨመረልኝ?» አሉኝ። ቅጹን ሳስታውስ ላብ አጠመቀኝ። የእርማት ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ዘሩ ግን ታድሎ አልቆ ነበር። በዚያ ክረምት ከአማቻቸው ተበድረው ነው የዘሩት።

የሚያናድደኝ ስሕተቱን እዚያው ቁጭ ብዬ ልይዘው እችል የነበረ መሆኑ ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ መጨመር በቂ ነበር። «ምርጥ ዘር ሲገዙ ስንት ከረጢት ይበቃዎታል?» የበቆሎ ምርጥ ዘር በ12.5 ኪሎ ከረጢት ይሸጣል፤ አንዱ ከረጢት ለግማሽ ሄክታር ነው። አባባን ብጠይቃቸው «ሁለት» ይሉኝ ነበር። 1.62 ሄክታር ቢሆን ኖሮ ሦስት ከረጢት እንኳ አይበቃውም። ገበሬ የመሬቱን ስፋት በሜትር ላያውቅ ይችላል። ስንት ዘር እንደሚፈጅበት ግን ከኪሱ ስለሚወጣ አይሳሳትም።

ከዚያ ወዲህ ጥማድ የሚል ቃል ስሰማ ቶሎ ቁጥር አልጽፍም። አንደኛ፣ ሩብ ሄክታር የሚለው ስምምነት ነው እንጂ ልኬት አይደለም። ለስላሳ ሜዳ ላይ ጠንካራ በሬ የሚያርሰውና ድንጋያማ ተዳፋት ላይ የከሳ በሬ የሚያርሰው እኩል አይሆንም። ያልተነካ መሬት መጀመሪያ ሲገመስ የሚፈጀው ጊዜና ሲደገም የሚፈጀውም ይለያያል። ሁለተኛ፣ የቃሉ ትርጉም እንደ ተናጋሪው ይለወጣል። ይህን የተማርኩት ከአንዲት የበርታ እናት ነው።

እርሳቸው ዘንድ የሄድኩት ሩታንኛ ከሚያስተረጉምልኝ ወጣት ጋር ነበር። ስለ መሬታቸው ስንጠይቅ «ሁለት ጥማድ» አሉ፤ ቃሉን በአማርኛ ነው ያሉት። ግቢውን ስቃኝ በሬ የለም፣ ሞፈር የለም፣ ቀንበር የለም። በክልላችን ብዙ ቆላማ አካባቢ የቆላ ዝንብ በሚያስተላልፈው ገንዲ ምክንያት በሬ ማቆየት ከባድ ነው። በርታውም ጉሙዙም ከጥንት ጀምሮ ብዙውን የሚያርሰው በእጅ መሣሪያ፣ በመቆፈሪያ ነው። ታዲያ በሬ በሌለበት ቤት ጥማድ ምንድን ነው? «የግብርና ሠራተኛው እንዲያ ይበል ስላለን ነው» አሉ እየሳቁ።

በራሳቸው አለካክ ሲናገሩ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ጎረቤት ለደቦ ሲጠራ ስንት ሰው ስንት ቀን እንደሚያርምላቸው ነገሩን። ተነስተን ማሳውን በእግር ዞርነው፤ በስልኬም ለካሁት። በግምት 60 ሜትር በ50 ሜትር፣ ማለትም 0.3 ሄክታር ሆነ። በጥማድ ስሌት 0.5 ብዬ እጽፈው ነበር። የቀረው የት ሄደ? ለዓመታት አርሰውት አሁን እንዲያርፍ የተዉት መሬት አለ፤ ለሠራተኛው ሲናገሩ እሱንም ጨምረው ነበር። በርታ ቤትም ጉሙዝ ቤትም መሬት ማሳረፍ የአስተራረሱ አካል ነው። ስለዚህ «ምን ያህል መሬት አለዎት?» እና «ዘንድሮ ምን ያህል ዘሩ?» ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። እንግሊዝኛው ቅጽ ላይ ግን አንድ ሳጥን ብቻ ነው ያለው።

መሬቱን በዚሁ ልተወውና ወደ እህሉ ልለፍ። እዚያው ቤት ሌላ ወጥመድ ጠበቀኝ። ምርታቸውን ስጠይቅ «አራት ኩንታል ለውዝ» አሉ። ደስ አለኝ፤ ምክንያቱም ኩንታል የአገር ባህል መለኪያ አይደለም፣ 100 ኪሎ ነው፣ ያለቀለት ሜትሪክ ነው። 400 ኪሎ ብዬ ልጽፍ እጄን አነሳሁ። ጆንያዎቹ ጥግ ላይ ተደርድረው ነበርና ዓይኔ አረፈባቸው። አንዱን ለማንሳት ስሞክር ያለ ችግር ብድግ አለልኝ። እኔ ደግሞ 100 ኪሎ የሚያነሳ ሰው አይደለሁም።

ወፍጮ ቤት ወስደን መዘንነው። 41 ኪሎ! ነገሩ ግልጽ ነው። ሰው ኩንታል የሚለው ጆንያውን ነው። 100 ኪሎ ማሽላ የሚይዘው ያ ጆንያ፣ ከነቅርፊቱ ያለ ለውዝ ሲሞላ ግማሹን ያህል እንኳ አይመዝንም፤ አብዛኛው ቅርፊትና አየር ነው። «አንድ ኩንታል ከሰል» ስንል 100 ኪሎ ማለታችን እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ እህል ላይ ስንደርስ ግን እንረሳዋለን። የእናትየው አራት ኩንታል 164 ኪሎ ሆነ። ያውም ከነቅርፊቱ። ተፈልፍሎ ሲቀር ከዚያም አንድ ሦስተኛ ያህሉን አውጡለት። 400 ኪሎ ብዬ ጽፌው ቢሆን ቁጥሩ ማንንም አያስደነግጥም፤ እንደ ጥሩ ምርት ይታለፋል። እናቲቱም እርዳታ የማያስፈልጋት ባለጸጋ ሆነው ይመዘገቡ ነበር።

ቁናና ጣሳም እንዲሁ ናቸው። መዝገበ ቃላት ውስጥ ቁናን አምስት ኪሎ፣ ዳውላን 20 ቁና ስለዚህም 100 ኪሎ የሚል ታገኛላችሁ። ግን ቁና ስፌት ነው፤ የሚለካው ክብደት ሳይሆን ይዘት ነው። ይህን ለማየት አሶሳ ገበያ አንዲት ነጋዴ ዘንድ ባለ ሁለት ሊትር ጣሳ ይዤ ሚዛን ላይ አወረድኩት። ማሽላ ሲሞላ አንድ ኪሎ ተኩል ለመሙላት ጥቂት ቀረው። ሰሊጥ በዚያው ጣሳ አንድ ኪሎ ከ200 ግራም ሆነ። ለውዝ ከነቅርፊቱ 600 ግራም እንኳ አልደረሰም። ስለዚህ አንድ ሰው «አሥር ጣሳ» ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «የምን?» ብዬ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄዬ አፉ ድረስ ነው ወይስ ተቆልሎ የሚል ነው። ጣሳ ጠባብ ስለሆነ ቢቆለልም ከአሥር አንድ እጅ አይጨምርም። ቁና ግን አፉ ሰፊ ነው፤ ተቆልሎ ሲሰፈር ሩብ ያህል ሊጨምር ይችላል። ነጋዴዋ ይህን ከእኔ በፊት ታውቀዋለች። «ስገዛ እቆልላለሁ፣ ስሸጥ በእጄ እጠርጋለሁ፤ ቁናው አንድ ነው» ብላ አሳቀችኝ። እንግሊዝኛው ላይ ሁለቱም አንድ ቁጥር ሆነው ይገባሉ።

አሁን እንዴት እንደምሠራ ልንገራችሁ፤ በተለይ እዚህ ቻናል ላይ ያላችሁ ተርጓሚዎችና መጠይቅ የምታስሞሉ ልጆች ይጠቅማችሁ ይሆናል። ተናጋሪው ያለውን ቃል አልጥለውም። ጥማድ ካለ ጥማድ ብዬ በላቲን ፊደል እጽፈዋለሁ፤ አጠገቡ «በአካባቢው ሩብ ሄክታር ገደማ ተብሎ ይያዛል» እላለሁ። ኤከር የሚባል ነገር ወረቀቴ ላይ አይገባም። ኩንታል ካለ ተመዝኖ ነው ወይስ በጆንያ የሚለውን አክላለሁ። ቁና ወይም ጣሳ ካለ የእህሉን ዓይነት፣ የዕቃውን መጠንና አሰፋፈሩን እጽፋለሁ። በግምት የተነገረኝንም ትክክለኛ አላስመስለውም። «ሦስት ጥማድ ይሆናል» ያለኝን ሰው 0.75 ሄክታር ብዬ ብጽፍ ያ ነጥብና አሥርዮሽ ሰውየው ያላለውን ነው። «ከአንድ ሄክታር ትንሽ የሚያንስ» ብል ለአነጋገሩ ይቀርባል።

አለቆች ይህን አይወዱትም። «ሳጥኑ የሚቀበለው ቁጥር ብቻ ነው» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ኮምፒዩተሩ ሐተታ አይደምርም። እኔም ቁጥሩን እሰጣቸዋለሁ፤ ግን በሌላ አምድ የተነገረው ቃል እንዳለ ካልተያዘ አልፈርምም። ስሕተት ቢፈጠር ተመልሶ የሚታረመው በዚያ አምድ ብቻ ነውና። የአባባ ቅጽ ላይ «አራት ጥማድ» የሚል ቃል ተጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ ቢሮ ያለው ልጅ 1.62 የሚለውን ሲያይ ቢያንስ አንድ ጊዜ ይጠራጠር ነበር። እኔ ግን ቃላቸውን አጥፍቼ የራሴን ብቻ ተክቼ ነበር።

ባለፈው መስከረም አባባን ጠይቄያቸው ነበር። በቆሎው በደህና ደርሷል፤ ከእሸቱ ጠብሰው አበሉኝ። ስወጣ ማሳውን በእጃቸው እያሳዩ «ያው አራት ጥማድ ነው፤ ወስደህ በደንብ ጻፍልኝ» አሉኝ። ይኸው ጽፌዋለሁ።