«መሬታቸውን ወሰዱባቸው»

ባለፈው ዓመት በቡና ለቀማ ሰሞን ቴፒ ነበርኩ። ስለ ቡና ማሳ ድንበር ክርክሮች ለአንድ የዜና ድረ ገጽ ልጽፍ ነበር የሄድኩት። ከዚያ ጽሑፍ ውስጥ አንዲት ዓረፍተ ነገር እስካሁን ታሳፍረኛለች።

ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ አዛውንት በዕድሜ ከሚበልጧቸው ጎረቤታቸው ጋር ተካሰዋል። ጎረቤትየው የድንበር ምልክት የነበረውን ዛፍ አስቆርጠው አንድ ረድፍ ቡና ወደ ራሳቸው ማሳ ቀላቅለዋል ነው ክሱ። እኔም ሁለቱን ሽማግሌዎች አክብሬ «መሬታቸውን ወሰዱባቸው» ብዬ ጻፍኩ። ጽሑፉን ያረመው ሰው አዲስ አበባ ነው ያለው፤ ቦታው ላይ አልነበረም። ርዕሱን «የቡና መሬታቸውን የተነጠቁ አርሶ አደሮች» አደረገው። በማግስቱ ከሚዛን አንድ ወዳጄ ደወለ። «የወሰዱት እነማን ናቸው? ከየት የመጡ ናቸው?» አለኝ። ከብዙ ቦታ የመጣ ሰው አብሮ በሚኖርበት አገር የመሬት ወሬ በዚህ መልክ ሲወጣ ጥያቄው ወዴት እንደሚያመራ ታውቃላችሁ።

አራሚውን ተናደድኩበት። በኋላ ዓረፍተ ነገሬን ደግሜ ሳነበው ግን ሰውየው ከአማርኛው ውጪ ምንም አልጨመረም።

እስቲ እንፍታው። «መሬት» ላይ «-አቸው» ሲቀጠል «ት» ወደ «ታ» ተለውጦ «መሬታቸው» ይሆናል። ይህ «-አቸው» የብዙ ሰዎች ነው፤ አንቱ የምንለው የአንድ ሰውም ነው። «ወሰዱ» ላይ ያለችው «ኡ» እንዲሁ ናት፦ እነሱ ወሰዱ፣ እሳቸው ወሰዱ። በመጨረሻ በግሱ ላይ የተለጠፈው «በ» ከሌላ «-አቸው» ጋር ተዋህዶ «ባቸው» ሆኗል፤ የተጎዳውን ሰው የሚነግረን እሱ ነው። ወሳጁ አንድ ወይም ብዙ፣ ተጎጂው አንድ ወይም ብዙ። ከአንዲት ሁለት ቃል ዓረፍተ ነገር አራት ዜና ይወጣል። እኔ አንዱን ጻፍኩ፣ አራሚው ሌላውን አነበበ።

ባለጉዳዮቹ ወጣቶች ቢሆኑ ኖሮ «መሬቱን ወሰደበት» እል ነበር፤ አንድና አንድ መሆናቸው ያለ ጥርጥር ይታወቃል። (እዚህም ሌላ ጣጣ አለ። «መሬቱ» የእሱ መሬት ነው ወይስ ያ የምናውቀው መሬት? «ቡናው»ም እንደዚያው። የማሳው ባለቤትነት ገና በፍርድ ቤት ላለ ጉዳይ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።) ለሴት «መሬቷን ወሰደባት» ብንል ደግሞ ይበልጥ ይጠራል። ብዥታው የመጣው ከአንቱታችን ነው።

ከዚህ የባሰው በስልክ ስንጽፍ ይመጣል። «ወሰደ» ላይ «-አቸው» ሲመጣ የ«ደ» አናባቢ ይዋጥና «ወሰዳቸው» ይሆናል። «ወሰዱ» ላይ ሲመጣ ግን «ኡ»ዋ አትጠፋም፤ ወደ «ው» ድምፅ ተለውጣ «ወሰዷቸው» ትሆናለች። በ«ዳ» እና በ«ዷ» መካከል ያለው ልዩነት እግር ላይ ያለች ጭረት ናት። «ፖሊሶች አሰሯቸው» ለማለት «አሰራቸው» ብለን ስንልክ፣ ባለቤቱ ካልተጠቀሰ አሳሪው አንድ ሰው ይሆናል። አንባቢም ያንን አንድ ሰው ፍለጋ ይወጣል። «ዷ»ን ማግኘት ካቃታችሁ «ወሰዱዋቸው» ብላችሁ ጻፉ፤ አያምርም እንጂ አያሳስትም።

አሁን ማስታወሻዬን ወደ ዜና ስቀይር የምሠራው አንድ ነገር አለ። «-አቸው» ያለበትን ሁሉ አሰምርና ሽማግሌውን በልጅ እተካቸዋለሁ። «ወሰደበት» ብዬ ስለውጠው ታሪኩ ካልተበላሸ ነገሩ የአንድ ሰው ነው። ያኔ አንቱታውን እመልስና «አንድ አዛውንት»፣ «ጎረቤታቸው የሆኑ ሌላ አዛውንት» እያልኩ ስሙን ወይም ቁጥሩን በግልጽ እጽፋለሁ። ለውሳኔ ዜና ይህም አይበቃም። «ፍርድ ቤቱ ፈረደላቸው» ስንል «ለ» የተጠቀመውን፣ «ፈረደባቸው» ስንል «በ» የተጎዳውን ይነግረናል። ሁለቱም ተከራካሪዎች አንቱ ከሆኑ ግን የተፈረደላቸው የትኛው እንደሆኑ ቅጥያው አይናገርም። ከሳሽ ወይም ተከሳሽ ብሎ መጻፍ የግድ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ይረዝማል፣ ይረዝም።

ማስተካከያው በሦስተኛው ቀን ወጣ፣ እንደተለመደው ከመጀመሪያው ጽሑፍ ያነሰ ሰው አነበበው። አዛውንቱ ጋ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ሳቁ። «አንተ ልጅ፣ እኔ ብቻዬን ነው የተካሰስኩት» አሉኝ፤ «ስንት ሰው አደረግከኝ?»