የጀርመን ፈቃድ ኔዘርላንድ አያሠራም

ጀርመን፣ ኒደርራድ ተቀምጬ የአንድ የኔዘርላንድ ድርጅት የሥራ ማመልከቻ እየሞላሁ ነው። ሲቪው ሲጫን ሣጥኖቹ በራሳቸው ይሞላሉ፤ ሲቪው ባለ ሁለት ዓምድ ከሆነ ግን ዓመቱና የሥራ ቦታው ሊደባለቅ ስለሚችል መልሶ ማየት ይገባል።

ያስጨነቀኝ «የሥራ ፈቃድ ያስፈልግዎታል?» የሚለው ጥያቄ ነው። የጀርመን ቋሚ መኖሪያ ያለን ሰዎች «አያስፈልገኝም» ማለት ይቀናናል። ያ ወረቀት ግን ኔዘርላንድ ውስጥ ሥራ አያስገባም፤ የጀርመን ዜግነት ከሆነ ሌላ ነገር ነው።

«In behandeling»፣ ማለትም «እየታየ ነው» የሚለው ምልክት ደግሞ ብዙ ጊዜ ማመልከቻው እንደገባ ሲስተሙ ራሱ የሚለጥፈው ነው። ሰው አንብቦታል ማለት አይደለም።

ወገኖቼ፣ ባለሙያ ሆናችሁ የምታመለክቱ ከሆነ፣ ድርጅቱ የኔዘርላንድ ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት አይኤንዲ እውቅና ከሰጣቸው አሠሪዎች መዝገብ ውስጥ መኖሩን አስቀድማችሁ እዩ። መዝገቡ ለማንም ክፍት ነው።