ከኬኩ ጋር የቤታችንን አድራሻ አጋራሁ

ልጄ ሁለት ዓመት ሲሞላት ኬኳን ስትቆርስ በስልኬ ቀረጽኳት። የለበሰችው ቀሚስ በትርፍ ሰዓቴ ከምሸጣቸው የልጆች ልብሶች አንዱ ስለነበር ቪዲዮውን በቴሌግራም ቻናሌ ለቀቅሁት። ጥራቱ እንዳይቀንስ ብዬ የላክሁት በ«File» ነው። ከሥሩም «አባቷ ለሥራ ሐዋሳ ነው፤ እኔና እሷ ብቻችንን አከበርን» ብዬ ጻፍሁ።

በማግስቱ ቢሮ ውስጥ ቪዲዮ የሚያቀናብርልን ባልደረባዬ ወደ ኮምፒውተሩ ጠራኝ። ቪዲዮውን ከቻናሌ አውርዶ ኤግዚፍቱል በተባለ ፕሮግራም ከፍቶታል። የስልኬ ሞዴል፣ የተቀረጸበት ቀንና ሰዓት፣ እንዲሁም በ9 ዲግሪ ሰሜንና በ38 ዲግሪ ምሥራቅ የሚጀምሩ ቁጥሮች ተደርድረዋል። ቁጥሮቹን ካርታ ላይ ሲያስገባቸው ነጥቡ ግቢያችን በር ላይ አረፈ። «እህቴ፣ ቤትሽ ይሄ ነው?» አለኝ። ክው አልሁ። ብቻችንን መሆናችንን በጽሑፍ፣ የት እንደሆንን ደግሞ በቪዲዮው ተናግሬያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካሜራው አካባቢን እንዲያውቅ ከተፈቀደለት የቆምንበትን ቦታ ፋይሉ ውስጥ ይጽፋል። ጽሑፉ ቪዲዮው ሲታይ አይታይም፤ ከፋይሉ ጋር ግን ይጓዛል። በ«File» ስንልክ ፋይሉ ሳይነካ እንዳለ ያልፋል። ጥራቱ የሚተርፈውም፣ አድራሻው የሚተርፈውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አይፎን ካለዎት መፍትሔው ቅርብ ነው። ቪዲዮውን ከፎቶ ማኅደርዎ ላይ ይክፈቱና የማጋሪያውን ምልክት ይጫኑ። ከላይ በኩል «Options» የሚለውን ነክተው «Location»ን ያጥፉ። ከዚያ «Save to Files» ብለው ያስቀምጡትና ወደ ቻናልዎ የሚልኩት ይህንን ቅጂ ይሁን። ዋናው ቪዲዮ ከነቦታው እርስዎ ዘንድ ይቀራል።

ይህ መንገድ ግን የሚያወጣው ቦታውን ብቻ ነው። የስልኩን ሞዴልና የተቀረጸበትን ሰዓትም ማውጣት ከፈለጉ ባልደረባዬ ኮምፒውተር ላይ የሚጠቀምበት ኤፍኤፍኤምፔግ የተባለ ነፃ ፕሮግራም አለ፦

```
ffmpeg -i lidet.mov -map_metadata -1 -c copy lidet2.mp4
```

ምስሉ እንደገና ስለማይጨመቅ ጥራቱ አይቀንስም። የምስሉን ይዘት ግን ከእነዚህ መንገዶች የትኛውም አያጸዳውም፤ የበር ቁጥር፣ የመኪና ታርጋ ወይም የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ከታየ ታየ ነው።

የእኔን ቪዲዮ ወዲያው ከቻናሉ አጠፋሁት። ቀድሞ ያወረደው ሰው ስልክ ላይ ያለውን ግን መመለስ አይቻልም። ስለዚህ ዛሬ ማንኛውንም ቪዲዮ በመጀመሪያ ለባለቤቴ በ«File» እልካለሁ። እሱም ስልኩ ላይ አስቀምጦ ቪዲዮውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ከሥሩ ካርታ ብቅ ካለ «ቤታችን አለበት» ይለኛል፤ እኔም እንደገና አጸዳዋለሁ።