ስድስት ስም፣ አንድ የእጅ ጽሑፍ

ዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ ሳስተምር ተማሪዎቼን በአንድ ለአምስት አደራጅቼ ነበር። ጎበዙ መሪ ይሆናል፣ አምስቱ በሱ ሥር ይመደባሉ። የቡድን ሥራ እሰጣለሁ፣ አንድ ወረቀት እቀበላለሁ፣ ለስድስቱም እኩል ማርክ እሞላለሁ። ጥፋቴ ይኸው ነው።

ምልክቱ ዓይኔ ሥር ነበር። ስለ ሕዋስ በቀረበው ወረቀት ላይ ከርዕሱ እስከ ስም ዝርዝሩ ድረስ የአንድ ልጅ እጅ ነው የጻፈው፤ የአንዷ ተማሪ የአባት ስም ደግሞ ተሳስቷል። ስሙን በቀይ አርሜ ከ10 ዘጠኝ ሰጠሁ። ፈተና ላይ ያቺው ልጅ የዕፅዋት ሕዋስ ከእንስሳት ሕዋስ የሚለይበትን ጥያቄ ባዶ ትታ ወጣች። ስጠይቃት «ቲቸር፣ እኔ ወረቀቱን አላየሁትም» አለችኝ።

ከዚያ የባሰ በደል የሠራሁት በመሪው ላይ ነው። «ለነሱ ከማስረዳት ራሴ ብጽፈው ይቀለኛል» ሲለኝ በክፍሉ ፊት ራስ ወዳድ አልኩት። ልጁ ግን የተናገረው እውነት ነበር። ቢያስረዳም ባያስረዳም የሚያገኘው ማርክ ያው ነው፤ ማስረዳቱ የሚያተርፍለት ድካም ብቻ ነበር። ሥራውን እንዲህ አድርጌ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ።

ዴቪድና ሮጀር ጆንሰን የተባሉት ወንድማማች ምሁራን ለቡድን ትምህርት ካስቀመጧቸው መሠረታዊ ነገሮች ሁለቱ እኔ ዘንድ አልነበሩም፦ አንዱ ያለ ሌላው እንዳይሳካለት ማድረግና እያንዳንዱን በግሉ ተጠያቂ ማድረግ። ሁለቱን በአንድ ላይ የሚያስገኝ አሠራር ያገኘሁት ዘግይቼ፣ ሮበርት ስላቪን ከተባለ ሌላ ምሁር ነው። ልጆቹ አራት አራት ሆነው አብረው ያጠናሉ፤ ፈተናውን ግን እያንዳንዱ ለብቻው ይሠራል። ቡድኑ ነጥብ የሚያገኘው እያንዳንዱ ከራሱ የቀድሞ አማካይ ምን ያህል እንዳሻሻለ ተይዞ ነው። አማካይዋ 40 የነበረ ልጅ 52 ብታመጣ፣ ጭማሪዋ ከ10 ስለሚበልጥ ለቡድኗ 30 ነጥብ ታስገባለች። አማካዩ 90 የሆነ መሪ 92 ቢያመጣ የሚያስገባው 20 ነው። ስለዚህ የመሪው ትልቁ ጥቅም ያለው ደካማዋ ልጅ በመረዳቷ ላይ ነው። መልሱን ቢነግራት አይጠቅመውም፣ ፈተና ላይ ለብቻዋ ናትና።

በተጨናነቀ ክፍል የሁሉንም አማካይ መያዝ አድካሚ ነው፤ ሁልጊዜም አልችለውም። ሳልችል ስቀር ከየቡድኑ አንድ ስም በዕጣ አወጣለሁ፤ የወጣለት ልጅ ቆሞ የቡድኑን ሥራ ያስረዳል፣ ማርኩም በሱ መልስ ይሞላል። የማን ስም እንደሚወጣ ስለማይታወቅ ወረቀቱን ሳያይ የሚመጣ የለም።

መሪውን በክፍሉ ፊት ሰድቤ ይቅርታ የጠየቅሁት ግን ለብቻው፣ ኮሪደር ላይ ነው። ያንንም እዚያው ክፍሉ ፊት ማድረግ ነበረብኝ።