ቀብድ ወይስ ቅድሚያ ክፍያ?

አዲስ አበባ የምትማረው ትንሿ ልጄ ሦስተኛ ዓመት ስትገባ «እማዬ፣ ዶርም ሰልችቶኛል፤ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ቤት ልንከራይ ነው» አለችኝ። ዶርሙ ነፃ ይመስላት ነበር። በፈረመችው የወጪ መጋራት ውል የመኝታውም ሒሳብ ተቆጥሮ ስትመረቅ እንደምትከፍለው ነገርኳት። ደጅ ግን ገንዘቡ ዛሬውኑ ነው፣ የደላላውን ሳይጨምር።

በወር 6,000 ብር የሚከራይ ክፍል አግኝተው 3,000 ብር ሰጡ። በሳምንቱ አንዷ ሐሳቧን ቀየረች፤ ለሁለቱ ኪራዩ ከበዳቸው። አከራይዋ «ብሩን አልመልስም» አሉ። ተቆጥቼ ከደሴ ተነሥቼ መጣሁ። ወረቀቱን ሳነበው ግን «ቀብድ» ይላል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ ተቀባዩ ቢተው ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ሴትዮዋ ትክክል ነበሩ። ቡናቸውን ጠጥቼ ወጣሁ።

ነርስ ሆኜ ስሠራ የብልቃጡን ጽሑፍ ሳላነብ መርፌ ሞልቼ አላውቅም። ልጄን ግን ይህን አላስተማርኳትም።

ለሁለተኛው ቤት አብሬ ሄድኩ። አከራዩ የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ጠየቁ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ከሁለት ወር በላይ እንደማይፈቅድ ነገርኳቸው፤ ትንሽ አጉረምርመው ተስማሙ። «ቀብድ» የሚለውን ሰርዘን «ቅድሚያ ክፍያ» አልነው። ከዚያም «ከመግባታቸው 15 ቀን በፊት ካሳወቁ ሙሉው ይመለሳል፤ ከዚያ ካለፈ የአንዱ ወር ይቀራል» የሚል መስመር በገዛ እጃቸው ጨመሩልን።